ጅምላ፣ ሱፐርማርኬት ወይስ በቀጥታ፦ ከ400 ብሩ በእጅዎ የሚቀረው ስንት ነው?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የለውዝ ቅቤ አመርታለሁ። ባለ 400 ግራሙ ብልቃጥ 235 ብር ያስወጣኛል፣ በቴሌግራም 400 ብር እሸጠዋለሁ፤ በወር 300 ያህል ይሄዳል። አቅሜ ግን እስከ 1,500 ያደርሰኛል። አንድ የመርካቶ ጅምላ አከፋፋይ ‹በወር 100 ባለ 12 ብልቃጥ ካርቶን፣ አንዱን ብልቃጥ በ290 ብር፣ እጅ በእጅ ልውሰድ፤ ግን ለሌላ እንዳትሰጥ› ብሎኛል። አንድ ሱፐርማርኬት ደግሞ 25 በመቶ ትርፍ እንደሚይዝና በ45 ቀን እንደሚከፍል ነግሮኛል። ወንድሜ ‹ትርፍህን ለደላላ አታስበላ፣ በቀጥታ ሽጥ› ይለኛል። የቱን ልምረጥ?»

ምላሽ፦

ወንድምዎ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አደባልቀዋል። ደላላ ገዥና ሻጭ አገናኝቶ ኮሚሽኑን የሚቀበል ነው፤ ዕቃው የእሱ ሆኖ አያውቅም፣ ሳይሸጥ ቢቀርም የሚጎዳው ነገር የለም። ጅምላ አከፋፋዩ ግን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ በራሱ መጋዘን ያስቀምጣል፣ ካርቶኑን ፈትቶ ለትንንሽ ሱቆች ሦስትም አራትም ብልቃጥ ያድላል፣ ለሚያምናቸው ባለሱቆች በዱቤ ሰጥቶ ዱቤውን ራሱ ይሰበስባል፤ ያልተሸጠው ዕቃ ሲያረጅም ኪሳራው በቅድሚያ የእሱ ነው። ጅምላ አከፋፋዩን ከመንገዱ ሲያወጡት ይህ ሁሉ ሥራ አብሮት አይወጣም፤ ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ወጪውም ይከተለዋል። ስለዚህ የሚነጻጸረው 290 ብር ከ400 ብር ጋር ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ መንገድ የሚጠበቅብዎት ሥራ ተከፍሎበት ካለቀ በኋላ በእጅዎ የሚቀረው ገንዘብ ነው።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ስለ 235 ብሩ አንድ ነገር ያረጋግጡ። በዚህ ሥራ በብዛት የማየው ስህተት ወጪን በጥሬ ለውዝ ክብደት ማስላት ነው። ለውዙ ሲቆላ እርጥበቱን ያጣል፣ ቅርፊቱ ሲወልቅና የጠቆረው፣ የተጨማደደው፣ የሻገተው ፍሬ ተለቅሞ ሲጣል ደግሞ ክብደቱ እንደገና ይቀንሳል፤ 100 ኪሎ ጥሬ ለውዝ ገዝቶ 100 ኪሎ ቅቤ የሚያወጣ የለም። የራስዎ ጉልበት፣ የቤት ኪራይና የወፍጮው ጥገናም በ235 ብሩ ውስጥ ካልተካተቱ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደ ታች መስተካከል አለበት። እዚህ ላይ ቁጥርዎን እንዳለ ወስጃለሁ፤ ዋጋዎቹ ሁሉ ከቫት በፊት ያሉ ናቸው። የማጓጓዣና የደሞዝ ወጪዎቹን የገመትኋቸው እኔ ስለሆንኩ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው።

አሁን የሚሠሩበትን የቀጥታ ሽያጭ እንውሰድ። 400 ብር ተሸጦ 235 ሲቀነስ 165 ብር ይቀራል፤ ወንድምዎ የሚያዩት ይህን ነው። ይሁን እንጂ አንድ ደንበኛ በአማካይ ሁለት ብልቃጥ ያዛል፣ የሞተር ማድረሻው 200 ብር ነው፣ ግማሹን እርስዎ ይሸፍናሉ ብንል በአንድ ብልቃጥ 50 ብር ሄደ። ከረጢቱና ማሸጊያው 5 ብር ይጨምራል። ስልክ የሚያነሳ፣ መልእክት የሚመልስና ትእዛዝ የሚመዘግብ ሠራተኛ በወር 12,000 ብር ቢከፈለው ለ300 ብልቃጥ ሲካፈል 40 ብር ነው፤ ይህን ሥራ ራስዎ የሚሠሩት ከሆነም ጊዜዎ ነጻ አይደለም። በዚህ ላይ «አለሁ» ብሎ ሞተረኛው በሩ ላይ ሲቆም ስልኩን የሚያጠፋ ደንበኛ አለ። ከአሥር ትእዛዝ አንዱ እንዲህ ከሆነ፣ የባከነው 200 ብር ለቀሩት 18 ብልቃጦች ሲከፋፈል 11 ብር ይሆናል። በእጅዎ የሚቀረው 165 ሳይሆን 59 ብር ነው።

በሱፐርማርኬቱ ጉዳይ ደግሞ በቅድሚያ 25 በመቶው ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። አምራቾች ብዙውን ጊዜ «በምሰጠው ዋጋ ላይ 25 በመቶ ጨምሮ ይሸጣል» ብለው ይረዱታል፤ በዚህ አረዳድ በ320 ብር ያስረክባሉ፣ እሱ 80 ብር ጨምሮ በ400 ይሸጣል። ሱፐርማርኬቶች ግን የትርፍ ህዳጋቸውን በአብዛኛው የሚያሰሉት ከመሸጫው ዋጋ ነው። የ400 ብር 25 በመቶ 100 ብር ስለሆነ የሚከፍሉዎት 300 ብር ነው። በአንድ ቃል አሻሚነት በየብልቃጡ 20 ብር ይጠፋል፤ የሚታወቀውም የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ነው።

300 ብሩን ይዘን ብንቀጥል 65 ብር ትርፍ ይታያል፣ ከጅምላውም የተሻለ ይመስላል። ሆኖም ሱፐርማርኬቱ አራት ቅርንጫፎች ቢኖሩትና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ካርቶን እየዞሩ ቢያደርሱ፣ የመኪናው አንድ ዙር በ1,600 ብር ቢታሰብ፣ ለ96 ብልቃጥ ሲካፈል ወደ 17 ብር ገደማ ነው። ካስረከቡት መቶ ብልቃጥ አራቱ ጊዜያቸው ሲቃረብ ወይም ክዳናቸው ዘይት ሲያንጠባጥብ ቢመለሱ ያልተከፈለዎት 1,200 ብር በየብልቃጡ 12 ብር ይጎትታል። «45 ቀን» የተባለውም ደረሰኙ ለሒሳብ ክፍል ከቀረበ በኋላ የሚቆጠር ሆኖ በተግባር ሁለት ወር ሊሞላ ይችላል። በዓመት 20 በመቶ ወለድ ቢታሰብ 235 ብር ለሁለት ወር ታስሮ መቆየቱ 8 ብር ገደማ ያስወጣል። የቀረው 28 ብር ነው።

ከ28 ብሩ በላይ ግን የሚያሳስበኝ የታሰረው ገንዘብ ነው። በወር 400 ብልቃጥ ለሱፐርማርኬቱ ቢያስረክቡና ክፍያው በሁለት ወር ቢመጣ ምንጊዜም 188,000 ብር የሚያህል ወጪዎ በሱፐርማርኬቱ መደርደሪያና በሒሳብ ክፍሉ መዝገብ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ ደግሞ ታክሱን የሚያሳውቁት ዕቃውን አስረክበው ደረሰኝ በቆረጡበት ወር ሒሳብ እንጂ ገንዘቡ በገባበት ወር አይደለም። በ300 ብሩ ላይ 45 ብር ቫት ይታሰባል፤ በግብአት ላይ የከፈሉት ተቀንሶ የሚቀረውን ገና ካልተቀበሉት ገንዘብ ይከፍላሉ ማለት ነው። ትርፍ እያስመዘገቡ ለውዝ መግዣ የሚያጡ ትንንሽ አምራቾች በአብዛኛው የሚወድቁት እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ጅምላ አከፋፋዩ በ290 ሲገዛ 55 ብር ይቀራል። ዕቃውን መርካቶ ማድረሻው በመቶ ካርቶን ጭነት ሲካፈል 3 ብር ቢሆን 52 ብር ነው። እሱ በበኩሉ ለሱቆች በ320 ብር ገደማ ይሰጣል፣ ሱቁ በ400 ይሸጣል፤ 30 ብር ወስዶ መጋዘኑን፣ ጫኝና አውራጁን፣ ዱቤውንና ኪሳራውን ከተሸከመ ብዙ ወሰደ አይባልም።

እንግዲህ በአንድ ብልቃጥ ቀጥታው 59፣ ጅምላው 52፣ ሱፐርማርኬቱ 28 ብር ይተዋል። በቀጥታውና በጅምላው መካከል የነበረው የ110 ብር ርቀት ወደ 7 ብር ወርዷል። በወር ሲታይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ 300 ብልቃጥ በቀጥታ 17,700 ብር ሲያስገኝ 1,200 ብልቃጥ በጅምላ 62,400 ብር ያስገኛል። በቀጥታው መንገድ 1,200 መሸጥ ይቻል እንደሆነ መጠየቅዎ አይቀርም። ያ ሠራተኛ 600 ቢያስተናግድ የደሞዙ ድርሻ ወደ 20 ብር ይወርድና የሚቀርዎት 79 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ግን ሁለተኛ ሠራተኛ ያስፈልጋል። የሞተሩ ወጪም የሚቀንሰው አንድ ደንበኛ በአንድ ጊዜ የሚያዘው መጠን ሲጨምር እንጂ የደንበኛው ቁጥር ሲበዛ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ካፌ ሙሉ ካርቶን ቢያዝ፣ ማድረሻውን በሙሉ እርስዎ ቢከፍሉ እንኳ በየብልቃጡ 17 ብር አይሞላም። ስለዚህ በቀጥታ ሽያጭዎ ላይ መሥራት ያለብዎት ተከታይ በማብዛቱ ሳይሆን ትልልቅ ትእዛዝ በመሳቡ ላይ ነው።

እስካሁን ያየነው ገንዘቡን ብቻ ነው፤ በጅምላው መንገድ የሚከፍሉት ትልቁ ዋጋ ግን በደረሰኝ ላይ አይታይም። ካርቶኑ ከበርዎ ከወጣ በኋላ ማን እንደገዛው፣ በስንት እንደገዛው፣ ምን ብሎ እንደመለሰው አይሰሙም። የእርስዎ ምርት የጾም ምግብ ስለሆነ ይህ በተለይ አደገኛ ነው። ሁዳዴ ሲቃረብ ሱቆች ቀደም ብለው ያከማቻሉ፣ አከፋፋዩ ለእነሱ ብሎ ከዚያ በላይ ያከማቻል፣ እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው ትእዛዝ ደግሞ የሁለቱ ድምር ነው። ገበያዬ በእጥፍ አደገ ብለው በብድር ለውዝ ሲገዙ ፋሲካ ያልፍና ስልኩ ለሁለት ወር ዝም ይላል። ሰው መብላቱን አላቆመም፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቂያው ቀላል ነው። በየብልቃጡ ላይ የምርቱን ቀንና የዙር ቁጥር በግልጽ ያትሙና በየወሩ በተለያዩ ሰፈሮች አሥር ያህል ሱቆች ገብተው መደርደሪያው ላይ ያለውን ይዩ። የሚያገኙት ባለፈው ወር የተመረተውን ከሆነ ዕቃው እየሄደ ነው። አከፋፋዩ በየሳምንቱ እየወሰደ ሱቆቹ ውስጥ ያለው የሦስት ወር ከሆነ ግን የሸጡት ለመጋዘን እንጂ ለበላተኛ አይደለም፤ ምርትዎን መቀነስ ያለብዎት ያኔውኑ ነው።

ጥራቱም እንዲሁ ከእጅዎ ይወጣል። ዘይቱ እንዳይለይ የሚያደርግ ማርጊያ ያልተጨመረበት የለውዝ ቅቤ ሲቀመጥ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች ያለው ይደርቃል፤ ቆርቆሮ ጣራ ባለው ሙቅ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ይህ ይፋጠናል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። በቴሌግራም ለሚገዛው ደንበኛ «ያማስሉት» ብለው ይጽፉለታል። በሱቅ የገዛው ግን የሚነግረው ስለሌለ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፣ ስምዎም አብሮ ይጣላል። በጅምላ ከመግባትዎ በፊት ከክዳኑ ሥር የሚታሸግ ፎይል ማስገባት፣ «ዘይቱ መለየቱ የተፈጥሮ ነው፤ አማስለው ይጠቀሙ» የሚል ጽሑፍ ማተምና ካርቶኑ ላይ ከስንት በላይ እንደማይደረደር መጻፍ ግዴታ ነው። የለውዝ ሻጋታ ከሚያመነጨው አፍላቶክሲን ከተባለ መርዝ የተነሳም፣ ቅሬታ ቢመጣ የትኛው ዙር ወደየት እንደሄደ መለየት መቻል አለብዎት። በጅምላ ይህ የሚቻለው የዙር ቁጥሩ በማስረከቢያ ሰነዱም ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።

የችርቻሮ ዋጋውን በተመለከተ አከፋፋዩን «ከ400 በታች እንዳይሸጥ» የሚል ውል ለማስፈረም አስበው ከሆነ ይተዉት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አቅራቢና ሻጭ ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ የሚወስኑበትን ስምምነት ይከለክላል። ማድረግ የሚችሉት የሚመከረውን ዋጋ ማሳወቅና የራስዎን ዋጋ ሥርዓት ማስያዝ ነው። ሥርዓቱን የሚያፈርሰውም ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ ነው። ሱቆች በ320 ገዝተው በ400 ሲሸጡ እርስዎ በቴሌግራም «የፋብሪካ ዋጋ 350» ብለው ከለጠፉ፣ ባለሱቁ ከደንበኛው በሚሰማው ወቀሳ ይናደድና ብልቃጡን ከኋላ ያስቀምጠዋል፣ ቀጥሎም አያዝም። በቀጥታ የሚሸጡበት ዋጋ ከሱቁ ዋጋ ማነስ የለበትም። ለቀጥታ ደንበኛዎ የተለየ ነገር መስጠት ከፈለጉ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ መጠን፣ ለምሳሌ ባለ አንድ ኪሎውን፣ ያዘጋጁለት፤ ዋጋው ከሱቁ ጋር ጎን ለጎን አይነጻጸርም፣ የአንድ ጊዜ ትእዛዙም ከፍ ይላል።

አሁን «ለሌላ እንዳትሰጥ» ወደሚለው እንምጣ፤ ከአከፋፋዩ ጥያቄ ውስጥ እጅግ የከበደው ይህ ነው። 1,200 ብልቃጥ ከሙሉ አቅምዎ 80 በመቶ ነው። በስድስተኛው ወር «ገበያ ቀዝቅዟል፣ በ275 ካልሆነ አልወስድም» ቢልዎት እምቢ የሚሉበት አቅም አይኖርዎትም፤ ሌላ አከፋፋይ አያውቅዎትም፣ ባለሱቆቹም የሚያውቁት እሱን ነው። የ15 ብር ቅናሽ በ1,200 ብልቃጥ ሲባዛ በወር 18,000 ብር ነው፤ ዛሬ በቀጥታ ሽያጭ ከሚያገኙት ሁሉ ይበልጣል። ጥያቄው ግን ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ምርትዎን ለሱቆች ሲያስተዋውቅ ከርሞ ሌላው መጥቶ በሁለት ብር ቅናሽ እንዲነጥቀው አይፈልግም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አይከልክሉት፤ ይገድቡት።

ምክሬ ይህ ነው። ጅምላ አከፋፋዩን ዋና መንገድዎ ያድርጉት፤ በመቶ ካርቶን ግን አይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በወር 60 ካርቶን፣ ማለትም 720 ብልቃጥ፣ እጅ በእጅ ይስጡት። ብቸኝነቱን ለመርካቶ ጅምላ ገበያ ብቻና ለስድስት ወር ይፍቀዱለት፤ በወር ቢያንስ 50 ካርቶን ካልወሰደ በራሱ የሚቋረጥ ይሁን። በቀጥታ ለሸማች፣ ለካፌዎችና ለመሥሪያ ቤቶች የመሸጥ መብትዎ፣ ወደፊትም ለሱፐርማርኬት የማቅረብ መብትዎ በውሉ ላይ በስም ተጠቅሶ ይቀመጥ። ጊዜው ያለፈበትን ምርት መልሰው እንደማይቀበሉ፣ የማምረት ጉድለት ያለበትን ግን እንደሚተኩ ይጻፍ። ያለ ደረሰኝ ካልሆነ የሚል ከሆነ እዚያው ያቁሙ፤ ኋላ ላይ በግብር ምርመራ የሚጠየቁት እርስዎ ስለሆኑ አያዋጣዎትም።

የቴሌግራሙን ሽያጭ አይዝጉት፤ በ400 ብሩ ያቆዩት፣ በትእዛዝ ቢያንስ ሦስት ብልቃጥ ያድርጉትና በማድረሻው በኩል ያለብዎት ጫና ከ50 ወደ 33 ብር ይውረድ። ይህ መንገድ ዋና የገቢ ምንጭዎ ባይሆንም ሸማቹ የሚናገረውን የሚሰሙበት ብቸኛው ጆሮዎ ነው፤ አዲስ ጣዕም ወይም አዲስ መጠን ሲያስቡ መጀመሪያ የሚሞከረውም እዚሁ ነው። ወንድምዎ በዚህ ረገድ አልተሳሳቱም።

ሱፐርማርኬቱን ለጊዜው ያቆዩት። ለውዝ ከሚገዙበት ገንዘብ ውጭ 188,000 ብር ለሁለት ወር ሊረሱት የሚችሉበት ቀን ሲመጣ፣ በመጀመሪያ በአንድ ወይም በሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ይግቡ፤ 25 በመቶው ከየትኛው ዋጋ እንደሚሰላ፣ 45 ቀኑ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠርና ተመላሹ ከስንት በመቶ እንደማይበልጥ በውሉ ላይ ተጽፎ። ከዚያ በፊት ሱፐርማርኬቱ ለ15 ቀን ክፍያ ከተስማማና ዕቃውን በራሱ ማዕከላዊ መጋዘን ተረክቦ ለቅርንጫፎቹ ራሱ የሚያከፋፍል ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፦ የማድረሻው 17 ብር ወደ 3 ብር ይወርዳል፣ የታሰረ ገንዘብ ወጪውም ከ8 ብር ወደ 2 ይቀንሳል፣ በእጅዎ የሚቀረውም 48 ብር ይሆናል። በዚያ ጊዜ ከጅምላው ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ ይችላል።